ነጭ መጠጥ፣ ጥቁር መጠጥ እና የማግስቱ ዞረ ድምር

እንግዳ ባመሸበት ቤት ጠዋት ብርጭቆ ማጠብ የእኔ ድርሻ ነው። ባለፈው እሁድ ማጠቢያው ላይ ከተደረደሩት ሁለቱን አንስቼ አሸተትኩ። አንዱ ማታ ቮድካ የተጠጣበት ነው። ምንም አይሸትም፤ ውሃ የተጠጣበት ይመስላል። ሌላኛው ውስኪ የነበረበት ነው። ጠብታ አልቀረበትም፤ ታቹ ላይ የደረቀ ቡናማ ቀለበት ብቻ ይታያል። ሽታው ግን አለ፦ መጀመሪያ ቫኒላ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ እንጨት፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ የመሰለ ነገር።

አልኮሉ ከሁለቱም ብርጭቆ ሌሊቱን ተኖ ሄዷል። በውስኪው ብርጭቆ ውስጥ የቀረው አልኮል ሳይሆን ከአልኮሉ ጋር አብሮ የኖረው ነገር ነው። የመጠጥ ባለሙያዎች ይህን ጓዝ በጅምላ ኮንጀነር ይሉታል። እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል ሲቀይር ዋናው ምርቱ ኤታኖል ነው፤ የሚያሰክረው እሱ ነው። ነገር ግን እርሾ ንጹህ ሠራተኛ አይደለም። ከኤታኖሉ ጎን ለጎን ሌሎች አልኮሎችን፣ አሲዶችን፣ አሴታልዲሃይድን፣ የፍራፍሬ ሽታ ያላቸውን ኤስተሮች በጥቂት በጥቂቱ ይሠራል። መጠጡ በእንጨት በርሜል ውስጥ ከቆየ ደግሞ እንጨቱ የራሱን ይጨምርበታል። ውስኪን ከቮድካ፣ ኮኛክን ከሩም የሚለዩት እነዚህ ናቸው። ሁሉንም ብናወጣቸው የሚቀረን አንድ ዓይነት የአልኮልና የውሃ ድብልቅ ነው።

አጎቴ ስለ ኮንጀነር ሰምተው ባያውቁም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። «ነጩን የጠጣ ይተኛል፣ ጥቁሩን የጠጣ ያቃስታል» ይላሉ። ውስኪ ሲቀርብላቸው እጃቸውን አወዛውዘው ይመልሱና ጂን ወይም ቮድካ ይጠይቃሉ። ሕጋቸው ብዙ ጊዜ ሠርቶላቸዋል። የከዳቸው ለገና ዘመድ ጥየቃ ደብረ ብርሃን በሄድን ጊዜ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳግም አረቄ ቀረበ፤ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። «ይኸው ነጭ!» ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት ፎጣ ግንባራቸው ላይ አስረው፣ መስኮቱ እንዲዘጋ እየለመኑ፣ «ነጭ አልነበረም እንዴ?» ሲሉ አገኘኋቸው።

ነጭ ነበር። ጥያቄው ነጭነቱ ከየት መጣ የሚለው ነው።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል የተዘጋጀው ድፍድፍ ሲበቃው ማሰሮ ወይም በርሜል ውስጥ ገብቶ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ ይመረግና እንፋሎቱ በቱቦ ተመርቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይንጠባጠባል። የወጣው እንደገና ሲወጣ ዳግም ይሆናል፤ የአልኮል መጠኑም ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። ድፍድፉ ምንም ያህል ቢጠቁር የሚንጠባጠበው ጥርት ያለ ነው። ቀለም የሚሰጡ ነገሮች አይተኑም፤ ከአተላው ጋር ማሰሮው ውስጥ ይቀራሉ። ኮንጀነሮች ግን አብዛኞቹ ይተናሉ፣ ቀለምም የላቸውም። ስለዚህ ዓይን ሳያያቸው ከአልኮሉ ጋር አብረው ይሻገራሉ።

የሚሻገሩትም በአንድ ጊዜ አይደለም። አሴታልዲሃይድ 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ቀድሞ ይመጣል። ቀጥሎ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተው ኤቲል አሴቴት አለ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አፍንጫ የሚወጋው በእነዚህ ነው። መሐሉ ንጹሁ ነው። ወደ መጨረሻ አካባቢ አልኮሉ እየሳሳ ሲሄድ የረጠበ ካርቶን የመሰለ፣ ቅባት ቅባት የሚል ጠረን ይመጣል። ጥሩ አውጪ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለይቶ መሐሉን ይይዛል፤ ገንዘብ የቸኮለ ደግሞ ሁሉንም ይቀላቅላል። ይህን በአፍንጫ መለየት ይቻላል፦ ሁለት ጠብታ መዳፍ ላይ አድርጎ እጅን ማፋተግ፣ አልኮሉ እስኪተን ትንሽ መጠበቅ፣ ከዚያ ማሽተት ነው። እህል እህል የሚል ሽታ ከቀረ ደግ ነው። የቀለም ማቅጠኛ ወይም የሻገተ ነገር ከሸተተ ሲወጣ አልተለየም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ማረም አለብኝ፤ እኔም ለብዙ ዓመት የማምነው ነበር። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል የሚፈላው 65 ዲግሪ ገደማ፣ ኤታኖል ደግሞ 78 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ «የመጀመሪያውን ከደፋህ ሜታኖሉን ደፋህ» ይባላል። እንደዚያ ቢሆን መልካም ነበር። ሁለቱ ለየብቻ ሲፈሉ ነው ይህ ልዩነት የሚሠራው። ድፍድፍ ውስጥ ግን ሜታኖል ከውሃው ጋር ተቆራኝቶ ስለሚኖር ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው እየተከፋፈለ ይወጣል። የመጀመሪያውን መድፋት ጣዕሙን ያለሰልሰዋል እንጂ ሜታኖሉን አያጠፋውም። ደግነቱ፣ የሜታኖል ዋና ምንጭ ፔክቲን ነው፤ እሱም በፍራፍሬ ልጣጭና ሥጋ ውስጥ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ከእህል በሚወጣ መጠጥ ውስጥ የሚኖረው ትንሽ ነው። ሰው በጅምላ ሞተ፣ ዓይኑ ጠፋ የሚባልባቸው አደጋዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት የፋብሪካ ሜታኖል ሆን ተብሎ መጠጥ ውስጥ ሲጨመር ነው። ሰዎች የሚተማመኑበት የክብሪት ፈተናም ይህን አይለይም። ማንኪያ ላይ ያለ አረቄ በሰማያዊ ነበልባል መንደዱ የሚናገረው ጠንካራ መሆኑን ብቻ ነው፤ ሜታኖልም እንዲሁ ይነድዳል።

አሁን ወደ ቮድካ እንሂድ። ቮድካም ከእህል ወይም ከድንች ይጀምራል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 የአየርላንዱ የቀረጥ መርማሪ ኢኒየስ ኮፊ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ረጅም ዓምድ መሰል ማውጫ አለ። በውስጡ እንደ ፎቅ የተደረደሩ ሳህኖች አሉ። እንፋሎቱ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ጠል እየሆነ፣ እንደገና እየተነነ ይወጣል። አጎቴ የጠጡት አረቄ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ በዚህ ዓምድ ውስጥ ያለፈው አልኮል ግን በአንድ ጉዞ ደጋግሞ እንደወጣ ይቆጠራል። የአሜሪካ ሕግ ቮድካ ቢያንስ 95 በመቶ አልኮል እስኪደርስ እንዲጣራ ያዝዛል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ለኮንጀነር የሚሆን ቦታ እምብዛም አይኖርም። በውሃ ይቀጠንና ይታሸጋል። የማታው ብርጭቆ ጠዋት ምንም ያልሸተተው ለዚህ ነው።

የአሜሪካው ውስኪ ቦርቦን ሕጉ ተቃራኒ ነው፦ ሲወጣ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይጠራ ይከለክላል። ቀሪው ሁሉ ኮንጀነር ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ነገር ግን ቀስ ብሎ የወጣ መጠጥ የእህሉንና የእርሾውን ጠረን ይዞ ይቀራል። ከዚያ ከ62.5 በመቶ በማይበልጥ ጥንካሬ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ይገባል። ሲገባ እንደ አጎቴ አረቄ የጠራ ነው። በርሜሉ በሙቀት ሲያብጥ መጠጡን እንጨቱ ውስጥ ይመጠዋል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይተፋዋል። በዚህ መመላለስ ውስጥ በእሳት የተሰባበረው የእንጨቱ አካል ቫኒሊን ይሰጣል፤ ቫኒላን ቫኒላ የሚያሰኘው ያው ንጥረ ነገር ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያሉት ስኳሮች በእሳት ተቃጥለው የካራሜል ጣዕምና ቀለም ይሆናሉ። ላክቶን የሚባሉት የኮኮናት ሽታ ያመጣሉ። ምላስን የሚያደርቀው ታኒን ነው፤ ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ የምናውቀው። ከሰሉ ደግሞ በተራው የድኝ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ይመጥጣል። በርሜል ይሰጣል፣ ይወስዳልም።

እንግዲህ የጥቁር መጠጥ ጥቁረት የበርሜል ማስታወሻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ ቀለሙን ለማስተካከል ከተቃጠለ ስኳር የተሠራ ካራሜል እንዲጨመርበት ይፈቅዳል። ስለዚህ ጥቁረቱ ዕድሜውን ላይናገር ይችላል። በተቃራኒው በርሜል ውስጥ ዓመታት ከርሞ በከሰል ተጣርቶ ቀለሙን ያጣ ነጭ ሩም አለ። ከሁሉም የሚገርመኝ የምሥራቅ አውሮፓው የፕለም አረቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ውሃ የጠራ ሆኖ ነው የሚሸጠው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በ100 ሊትር ንጹህ አልኮል ውስጥ ለቮድካ የሚፈቅደው ሜታኖል 10 ግራም ነው፤ ለፍራፍሬ አረቄዎች ግን እስከ 1000 ግራም፣ ለአንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይፈቅዳል። ሁለቱን ነጭ መጠጦች ጎን ለጎን ቢያስቀምጡልዎ በዓይን ልዩነት አያገኙም።

የአጎቴ ሕግ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። የሚያውቋቸው ነጭ መጠጦች ቮድካና ጂን ነበሩ። ጂንም ከተጣራ አልኮል ተነስቶ በጥድ ፍሬ የሚቀመም ስለሆነ ከቮድካው ወገን ነው። ሕጉ የሠራላቸው ነጭ ስለሆኑ ሳይሆን አጥብቀው የተጣሩ ስለነበሩ ነው። አረቄው ነጭ የሆነው በርሜል አይቶ ስለማያውቅ ብቻ ነው።

ግን ኮንጀነር በእርግጥ ዞረ ድምርን ያብሳል? ይህን ለማወቅ ሰዎችን ማስከር ያስፈልጋል፤ ያንንም ያደረጉ አሉ። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲዋ ዳማሪስ ሮዜኖ ከባልደረቦቿ ጋር ያካሄደችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 33 የሆነ፣ ጤነኛ የሆኑና መጠጥ የለመዱ 95 ሰዎች ተሳትፈዋል። ገሚሱ ቦርቦን፣ ገሚሱ ቮድካ ጠጣ። በሌላ ሌሊት ደግሞ እያንዳንዳቸው አልኮል የሌለበት ማስመሰያ ተሰጣቸው። በትንፋሽ ሲለኩ የጠጡት አልኮል በአማካይ 0.11 በመቶ ደረሰ፤ በአብዛኛው አሜሪካ መኪና ለመንዳት የሚፈቀደው ከ0.08 በታች ነው። እዚያው አደሩ፣ እንቅልፋቸው በመሣሪያ ተለካ፣ ጠዋት ደግሞ ስሜታቸውን ተጠየቁ፤ ትኩረታቸውና የምላሽ ፍጥነታቸውም ተፈተነ።

የተጠቀሙበት ቦርቦን ከቮድካው 37 እጥፍ ኮንጀነር ነበረበት። ጠዋት ሲጠየቁ ቦርቦን የጠጡት የባሰ ዞረ ድምር እንዳለባቸው ተናገሩ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን የሚያስደስታቸው አይደለም። ሁለቱም መጠጦች እንቅልፍን እኩል አበላሹ። ሁለቱም ቡድኖች ጠዋት በፈተናው ላይ እኩል ዘገሙ። የስሜቱም ልዩነት ቢሆን በመጠጣትና ባለመጠጣት መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ኮንጀነር ራስ ምታቱ ላይ ጨመረ እንጂ ዋናውን ሥራ የሠራው አልኮሉ ራሱ ነው። ጥናቱ ወጣቶችንና ሁለት መጠጦችን ብቻ ነው ያየው፤ ከመቶ ከሚበልጡት ኮንጀነሮች ጥፋተኛው የቱ እንደሆነም አይነግረንም።

በብዛት የሚጠረጠረው ያው ሜታኖል ነው፤ በሕጋዊ መጠጥ ውስጥ ባለው ጥቂት መጠንም ቢሆን። ጉበት ውስጥ አልኮልን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። እንደ ሰፈር ወፍጮ ቤት አስቡት፤ ወፍጮው አንድ ነው፣ ባለወፍጮውም ኤታኖልን ያስቀድማል። ሜታኖል ጆንያውን ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ኤታኖሉ ተፈጭቶ ሲያልቅ የሜታኖል ተራ ይደርሳል። እሱ ሲፈጭ ደግሞ የሚወጣው ፎርማልዲሃይድና ፎርሚክ አሲድ ነው፤ ሁለቱም ለሰውነት ክፉ ናቸው። ጊዜው ዞረ ድምር ከሚበረታበት ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ ዞረ ድምር የሚብሰው ሰክረን ሳለን ሳይሆን ስካሩ ወጥቶ ሲያልቅ ነውና።

ጠዋት «አንድ መለኪያ ያሽራል» የሚባለውም በዚሁ ይገባል። አዲስ ኤታኖል ሲገባ ወፍጮውን እንደገና ይይዘዋል፤ ሜታኖሉም ወደ ጥግ ይመለሳል። ሰውየው ቀለል ይለዋል። ሆኖም ጆንያው አልተፈጨም፤ ተራው ወደ ከሰዓት ተዛወረ እንጂ። መለኪያውም የራሱን ኮንጀነር ይዞ ገብቷል።

የአጎቴን ሌሊት እኔው ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። የጠጡት ስድስት መለኪያ ነው። መለኪያውን በኋላ በውሃ ስለካው 40 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስድስቱ 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ አረቄውን 45 በመቶ ብንለው ንጹህ አልኮሉ 108 ሚሊ ሊትር፣ በክብደት 85 ግራም ገደማ ይሆናል። ክብደታቸው 70 ኪሎ ነው። ለእንዲህ ያለ ወንድ በተለመደው ስሌት ይህ ደም ውስጥ 0.18 በመቶ ያህል ያደርሳል። ሰውነት በሰዓት 0.015 ያህል ስለሚያወጣ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲተኙ ወደ 0.10 ወርዶላቸዋል ማለት ነው። ይህን ጨርሶ ለማውጣት ሌላ ሰባት ሰዓት ያስፈልጋል። 6 ላይ 7 ሲደመር የጠዋቱ 1 ሰዓት ይመጣል። «መስኮቱን ዝጉልኝ» ያሉት ልክ በዚያው ሰዓት ገደማ ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ የበሉት ክትፎ፣ የጠጡት ውሃ፣ ዕድሜያቸው ሁሉ ያዛንፉታል። ቢሆንም ይህን ያህል ሲገጥም ማየት ደስ ይላል፤ ለእኔ ማለቴ ነው።

«ያንን ያህል ቮድካ ብጠጣስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁኝ። 85 ግራም አልኮል ያው 85 ግራም ነው፤ እንቅልፋቸው ያው ይበላሻል፣ ጠዋት እጃቸው ያው ይዘገያል። ራሳቸውን ግን ምናልባት ትንሽ ቀለል ይላቸው ነበር። «ታዲያ እኔ ያልኩት ይኸው አይደል!» አሉ።

የባለፈው ቅዳሜ የቮድካ ብርጭቆ የእሳቸው አልነበረም፤ ሐኪም ከከለከላቸው ቆይቷል። የጠጣበት ሳሎን ያደረ አንድ ወዳጄ ነው። እሁድ ማለዳ እያፏጨ ተነስቶ፣ ቡና አልጠጣም ብሎ፣ «እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም፣ ቮድካ ነው የጠጣሁት» እያለ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ውስኪ የጠጣው ሌላው እንግዳ ግን ሶፋው ላይ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ለመንዳት ድፍረት አጥቶ፣ ታክሲ እንድጠራለት ጠየቀኝ። ብርጭቆዎቹን እያጠብኩ ሳለ ከውጭ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ወዳጄ ወደ ኋላ ሲያዞር መኪናውን ከግቢው በር ምሰሶ ጋር አላትሞታል። ወርዶ መከላከያውን እያየ «አላየሁትም» ይላል። ምሰሶው 12 ዓመት እዚያው የቆመ ነው።